ፍሬኑን ማን ረገጠው?

እ.ኤ.አ. በ1997 ስዊድናዊ ጋዜጠኞች አዲሱን ሜርሴዲስ ኤ ክላስ ሲፈትሹ፣ ድንገት መንገድ ላይ የገባ እንስሳ እንደሚሸሹ አድርገው መሪውን ቢጠመዝዙት መኪናው ተገለበጠ። ኩባንያው ሽያጩን ለጊዜው አቁሞ፣ ያኔ በአብዛኛው በውድ መኪኖች ላይ የነበረውን የመንሸራተት መቆጣጠሪያ በሁሉም ላይ ገጠመ።

መቆጣጠሪያው ያለማቋረጥ ያነጻጽራል። የመሪው ሴንሰር አሽከርካሪው ወዴት መታጠፍ እንደፈለገ ይነግረዋል፤ ሌላው ደግሞ መኪናው በእርግጥ ምን ያህል እየዞረ እንደሆነ ይለካል። ሁለቱ ካልተስማሙ መንሸራተት ተጀምሯል ማለት ነው።

እርጥብ አስፋልት ላይ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ግራ ታጠፍን እንበል። የኋላ ጎማዎቹ ከከዱ የመኪናው ኋላ ወደ ቀኝ ይወጣል፣ አፍንጫው ከሚገባው በላይ ወደ ግራ ይዞራል። ኮምፒውተሩ ያኔ የፊት ቀኙን ጎማ ብቻ ያስይዛል። በአንድ ጎኑ መቅዘፊያ እንደተተከለበት ታንኳ፣ መኪናው ወደተያዘው ጎን ይመለሳል። የከዱት የፊት ጎማዎች ሆነው መኪናው አልታጠፍ ካለ ግን የሚያዘው በተለይ የኋላ ግራው ነው። አሽከርካሪው ፔዳሉን ባይነካም ፓምፑ ራሱ ግፊት ይፈጥራል፤ የሞተሩም ጉልበት ይቀነሳል።

መሣሪያው ያለውን የጎማ ጭብጠት ያከፋፍላል እንጂ አይጨምርም፤ ጥርሱ ላለቀ ጎማ ብዙም አይደርስለትም። ዳሽቦርድ ላይ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ሥራ ላይ ነው። በርቶ ከቀረ ግን ወይ ተዘግቷል ወይ ተበላሽቷል፤ አንዳንዴ ምክንያቱ ከጎማ አላይመንት በኋላ የመሪው ሴንሰር ዜሮው ሳይስተካከል መቅረቱ ነው።