«ከሦስቱ ሁለቱን ምረጡ»፦ የካፕ ቴዎረም በትክክል ምን ይላል?

አንድን መረጃ በተለያዩ ኮምፒውተሮች ላይ በቅጂ ስለማስቀመጥ በተወሳ ቁጥር «ካፕ» የተባለው ቴዎረም ይጠቀሳል። ከወጥነት፣ ከተገኚነትና የመስመር መቆረጥን ከመቋቋም ሁለቱን ብቻ ምረጡ ይላል እየተባለ ይነገራል። አባባሉ ለማስታወስ ይቀላል፤ ቴዎረሙ የሚለው ግን ይህን አይደለም።

ኤሪክ ብሪወር በ2000 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን በግምት መልክ አቀረበ፤ በ2002 ሴት ጊልበርትና ናንሲ ሊንች አረጋገጡት። የማረጋገጫው ፍሬ ነገር ቀላል ነው። «ሀ» እና «ለ» የተባሉ ሁለት ኮምፒውተሮች የአንድ ሒሳብ ቅጂ ይዘዋል እንበል፤ ቀሪው 500 ብር ነው። በመካከላቸው ያለው መስመር ተቆረጠ። ደንበኛው በ«ሀ» በኩል 400 ብር አወጣ። ከዚያም ሌላ ሰው «ለ»ን ቀሪው ስንት እንደሆነ ቢጠይቀው፣ «ለ» ወይ 500 ብሎ ጊዜ ያለፈበትን መልስ ይሰጣል፣ ወይም ዝም ይላል። በመጀመሪያው ወጥነት፣ በሁለተኛው ተገኚነት ይጠፋል። («ሀ» አስቀድሞ ገንዘቡን አልሰጥም ቢል ኖሮም ያው ተገኚነትን ማጣት ነው።)

እንግዲህ የመስመር መቆረጥ እኛ የምንመርጠው ባሕርይ አይደለም፤ መንገድ ቆፋሪ ገመድ ሲበጥስ ፈቃድ አይጠይቅም። ምርጫው የሚመጣው መስመሩ ሲቆረጥ ብቻ ነው። መስመሩ ደኅና ሳለ ሁለቱን አብሮ መያዝን ቴዎረሙ አይከለክልም። ብሪወር ራሱ በ2012 «ከሦስቱ ሁለት» የሚለው አባባል አሳሳች መሆኑን ጽፏል።

ሌላው ስሕተት ደግሞ እያንዳንዱ ሥርዓት ከሁለቱ አንዱን የግድ ይዟል ብሎ ማሰብ ነው። ቴዎረሙ ሁለቱን አብራችሁ አታገኙም ይላል እንጂ አንዱን ታገኛላችሁ ብሎ ቃል አይገባም። ጊትሃብ በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. የደረሰበትን እንመልከት። የመረብ ዕቃ ሲቀየር፣ በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ የሚገኘው ዋናው የመረጃ ማዕከሉ ለ43 ሰከንድ ተቆረጠ። ተቆጣጣሪው ሶፍትዌር በምዕራብ ዳርቻ ያሉትን የመረጃ ቋቶች በራሱ ዋና አድርጎ ሾመ። ይሁንና ቅጂ ወደ ምዕራብ የሚላከው ዘግየት ብሎ ስለነበር፣ ምሥራቁ የተቀበላቸው የጥቂት ሰከንዶች ጽሑፎች ምዕራብ አልደረሱም ነበር። መስመሩ ሲመለስ አንዱ ወገን ሌላው የሌለውን መረጃ ይዞ ተገኘ፤ ወጥነት ጠፍቷል። ኩባንያው መረጃው እንዳይጠፋ ሲል አንዳንድ አገልግሎቶችን አቆመ፤ ስለዚህ ተገኚነቱም ተጓደለ። አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ እስኪስተካከል 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ፈጀ። ሥራ ከሚበዛባቸው ቋቶች በአንዱ ብቻ 954 ጽሑፎች ተነጥለው ቀርተው ነበር፤ የትኞቹ በራሳቸው እንደሚታረቁ፣ ለየትኞቹ ባለቤቶቻቸውን መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ለመለየት የቋቶቹን መዝገብ መመርመር ግድ ሆነ።