ነጭ ሳጥን የሌለው ሎጎ

አንድ ካፌ አዲስ ሎጎ አሠርቷል እንበል። ጥቁር ክብ ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ ውስጥ ቀይ ጀበናና ነጭ ሲኒ ተቀምጠዋል። ባለቤቱ በቡናማ የወረቀት ከረጢት ላይ ሊያሳትመው ፋይሉን ወደ ማተሚያ ቤት ላከ። ናሙናው ሲወጣ ግን ክቡ በነጭ አራት ማዕዘን ታጥሮ መጣ። ሥዕሉ ምንም እንከን የለበትም፤ ችግሩ ሎጎው በጄፔግ መላኩ ነው።

ጄፔግ የተሠራው ለፎቶግራፍ ነው። ለእያንዳንዱ ፒክስል ቀለሙን ብቻ ይመዘግባል፤ «እዚህ ቦታ ምንም የለም» የሚልበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ባዶው ቦታ የግድ በአንድ ቀለም ይሞላል፤ አብዛኛውን ጊዜም በነጭ። በ1996 የወጣው ፒኤንጂ ግን ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ መጠን ሌላ አልፋ የሚባል አራተኛ ቁጥር መያዝ ይችላል። አልፋው 0 ከሆነ ፒክስሉ ጨርሶ አይታይም፤ 255 ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይታያል። በመካከል ያሉት ቁጥሮች ደግሞ ከሥር ያለውን በከፊል ያሳልፋሉ።

የፋይሉን ስም ከ`.jpg` ወደ `.png` መቀየር ነጩን ሳጥን አያጠፋውም። ጄፔጉን ከፍቶ በፒኤንጂ ማስቀመጥም ብቻውን አይበቃም፤ ሳጥኑም አብሮ ይቀመጣል። ነጩን ቆርጦ የሚያወጣው ሰው ነው፤ ሥራው የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ ጠርዙ ላይ ነው።

ሎጎውን 800 በመቶ አጉልታችሁ የቀለበቱን ጠርዝ ተመልከቱ። ጥቁሩና ነጩ በአንድ መስመር አይለያዩም። በመካከላቸው ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለባቸው ግራጫ ፒክስሎች አሉ፤ ክቡ የተሰባበረ ሳይሆን ለስላሳ ሆኖ የሚታየው በእነሱ ነው። ነጩን ብቻ መርጣችሁ ብታጠፉት እነዚህ ግራጫዎች ባሉበት ይቀራሉ። ነጭ ወረቀት ላይ ማንም አያያቸውም፤ ቡናማ ከረጢት ላይ ግን በቀለበቱ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ፈዛዛ መስመር ሆነው ይወጣሉ።

በነፃ በሚገኘው ጂምፕ ይህን ማስተካከል ይቻላል። መጀመሪያ በ`Layer > Transparency > Add Alpha Channel` ለሥዕሉ አልፋ ይጨመርለታል። ቀጥሎ በ`Fuzzy Select` ከቀለበቱ ውጭ ያለውን ነጭ ንኩ። እዚህ ላይ `Select by Color` የሚለውን አትጠቀሙ፤ በመላው ሥዕል ያለውን ነጭ ስለሚመርጥ ሲኒውም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በ`Select > Grow` ምርጫውን በ2 ፒክስል አስፉት፤ ግራጫዎቹ ወደ ምርጫው የሚገቡት በዚህ ነው። አሁን `Colors > Color to Alpha` ውስጥ ገብታችሁ ነጭን ምረጡ። ፕሮግራሙ ከግራጫዎቹ ውስጥ ነጩን ነጥሎ አውጥቶ በከፊል የሚያሳልፍ ጥቁር ያደርጋቸዋል። ከዚህ በኋላ ጠርዙ ከቡናማም ሆነ ከቢጫ ጋር በራሱ ይዋሃዳል። ዘዴው በደንብ የሚሠራው የሎጎው ጠርዝ ጠቆር ያለ ሲሆን ነው፤ ፈዛዛ ቢጫ ጠርዝ ቢሆን ኖሮ ራሱ ቢጫውም ይሳሳ ነበር።

በፕሮግራሙ ውስጥ የሚታየው ግራጫ የዳማ ሰሌዳ ባዶነትን ማሳያ ብቻ ነው፤ አይታተምም። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ምስል ሰሌዳውን ይዞ ከታተመ ግን ሰሌዳው የሥዕሉ አካል ሆኗል ማለት ነው። ለማንኛውም ከሎጎው ሥር ደማቅ ቀይ ሌየር አስገብታችሁ ጠርዙን ፈትሹ። ንጹሕ ከሆነ ቀዩን አጥፉና በ`File > Export As` ስሙን `logo.png` ብላችሁ አውጡት። `Save` የሚሰጣችሁ የጂምፕን የራሱን ፋይል ነው፤ እሱንም ለወደፊት እርማት አስቀምጡት።

5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ስቲከር፣ በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም፣ ወደ 600 ፒክስል ገደማ ያስፈልጋል። ከዚያ ያነሰውን በኋላ ለጥጦ ማስተለቅ ያደበዝዘዋል።

ጄፔግም የራሱ ቦታ አለው። ስቲከሩ የተለጠፈበትን ከረጢት ፎቶ አንስታችሁ ገጻችሁ ላይ ስትለጥፉ ጄፔግ ይሻላል፤ ያው ፎቶ በፒኤንጂ ቢሆን በዓይን የማይለይ ሆኖ ሳለ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ጄፔግ ፋይሉን የሚያቀልለው ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ጥቃቅን ካሬዎች ከፍሎ፣ ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ዝርዝር በመጣል ነው። በፎቶ ላይ ይህ አይታወቅም። በሎጎ ላይ ግን ፊደል ከነጭ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አቧራ የመሰሉ ነጠብጣቦች ይፈጥራል፤ ነጩን ስትቆርጡም እነሱ ተበታትነው ይቀራሉ። ስለዚህ ሎጎውን ከሠራው ሰው መነሻውን ፋይል መጠየቅ ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ ከመልቀም ይሻላል።

የመጨረሻው ወጥመድ አላላኩ ላይ ነው። በቴሌግራም ንጹሑን ፒኤንጂ እንደ ፎቶ ከላካችሁት መተግበሪያው ራሱ ወደ ጄፔግ ቀይሮ ያሳልፈዋል፤ ባዶውም ቦታ ተመልሶ በቀለም ይሞላል። `File` በሚለው በኩል ላኩት። ማተሚያ ቤቱ ዘንድ ከነስሙ `logo.png` ተብሎ ከታየ በትክክል ደርሷል፤ ስም የሌለው ፎቶ ሆኖ ከታየ ግን ድጋሚ መላክ አለበት።