ከድስት ውሃ እስከ ዳሎል ጨው፦ ስንቱን እኛ እንወስናለን?

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ ጥዳችሁ ቴርሞሜትር ብትነክሩበት፣ ውሃው እየተንተከተከ መለኪያው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቆሞ ታገኙታላችሁ። እሳቱን ጨምሩበት። ክዳኑ ይንገጫገጫል፣ ውሃው ቶሎ ያልቃል፣ ጋዙም እንዲሁ፤ ቴርሞሜትሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ሽንብራው አልበስል ያላት ሴት እሳት ብትጨምር ትርፏ የጋዝ ወጪ ነው።

ምድጃውን የያዘ ሰው ሙቀቱን የሚወስነው እሱ ይመስለዋል። የወሰነለት ግን ከላዩ ያለው አየር ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ግፊቱ ከታወቀ ደግሞ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት አብሮ ታውቋል። ክዳኑ የሚቆለፈው የግፊት ድስት ሽንብራውን የሚያበስለው ለዚህ ነው፦ ግፊቱን ከሰማይ ነጥቆ ራሱ ይወስናል፣ ሙቀቱም ተከትሎ ይወጣል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ በአንድ ዕቃ ውስጥ ካለው ነገር ስንቱን እኛ እንደልባችን መወሰን እንችላለን? ስንቱስ እኛ ሳንጠየቅ ይወሰናል? አሜሪካዊው ጆሳያ ዊላርድ ጊብስ ከ1875 እስከ 1878 በክፍል በክፍል ባሳተመው ረጅም ጥናት መልሱን በአንዲት መስመር አስቀመጠው፦

F = C − P + 2

ጥናቱ የወጣው በኮኔቲከት የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ላይ ስለነበረ ብዙ ሰው አላየውም። ቀመሩን ከወረቀት አውርዶ በእውነተኛ ጨዎችና ሙሙቶች ላይ የፈተነው በዋናነት ሆላንዳዊው ባክሁይስ ሮዘቦም ነው።

P የገጽታዎች ብዛት ነው። (የእንግሊዝኛው ቃል በፊደላችን ሲጻፍ «ፌዝ» ስለሚሆን ቁም ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ እኔ «ገጽታ» እላለሁ።) በረዶ አንድ ገጽታ ነው፣ ውሃ ሌላ፣ እንፋሎት ሌላ። በረዶው አንድ ግግር ይሁን መቶ ስባሪ፣ ያው አንድ ገጽታ ነው። C የአባላት ብዛት ነው። በዕቃው ውስጥ ያሉትን ገጽታዎች ሁሉ ለመሥራት ቢያንስ ስንት ዓይነት ነገር ከገበያ መግዛት ያስፈልጋል ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ C ነው። F ደግሞ የነፃነታችን ቁጥር፣ ማለትም ገጽታዎቹ ሳይጠፉ ወይም ሌላ ሳይጨመር እንደልብ ልንለውጣቸው የምንችላቸው ነገሮች ብዛት ነው፦ ሙቀት፣ ግፊት፣ የሙሙቱ ቅጥነትና ውፍረት። ሁለቱ የሚደመሩት ሙቀትና ግፊት ሁልጊዜ ስላሉ ነው።

በንጹሕ ውሃ እንጀምር፤ አባሉ አንድ ብቻ ነው። ውሃ ብቻውን ካለ F = 1 − 1 + 2 = 2፦ ሙቀቱንም ግፊቱንም እኛ እንመርጣለን። ውሃና እንፋሎት አብረው ካሉ F አንድ ይሆናል። የአዲስ አበባው ድስት ይህ ነው፤ ያቺን አንዷን ነፃነት ሰማዩ በግፊት ወሰዳት፣ ለምድጃው ምንም አልተረፈለትም። ውሃ፣ በረዶና እንፋሎት ሦስቱም ከተገናኙ F ዜሮ ነው። ይህ የሚሆነው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፦ በ0.01 ዲግሪና በ611.66 ፓስካል፣ ማለትም የባሕር ጠረፍ አየር ግፊት መቶ ስልሳ አምስተኛ ገደማ በሆነ ግፊት። ነጥቡን ማንም ሊያንቀሳቅሰው ስለማይችል ከ1954 እስከ 2019 የዓለም የሙቀት መለኪያ የታሰረው በእሱ ላይ ነበር። አየሩ ወጥቶ የታሸገ፣ ንጹሕ ውሃ ያለበት የመስታወት ዕቃ ውስጥ ጥቂት በረዶ ማርጋት በቂ ነው፤ ሦስቱ ገጽታዎች እስካሉ ድረስ በማንኛውም አገር ያለ ቤተ ሙከራ ያንኑ ሙቀት ያገኛል።

አሁን ጨው እንጨምር። ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ወደ ሶዲየምና ክሎራይድ ስለሚለያይ አባላቱን ሦስት ብሎ የሚቆጥር አይጠፋም። ግን ሁለቱን ለየብቻ የሚሸጥልን የለም፤ ሁልጊዜ እኩል ለእኩል ነው የሚገቡት። ስለዚህ አባላቱ ሁለት ናቸው፦ ውሃና ጨው።

የጨው ውሃ፣ በረዶና እንፋሎት አብረው አሉ እንበል። ቀመሩን ሳናምን በእጃችን እንቁጠረው። የማናውቃቸው፦ ሙቀት፣ ግፊት፣ በሦስቱ ገጽታዎች ውስጥ ያለው የጨው ድርሻ፤ አምስት ናቸው። ነገሩ ሰክኖ ሚዛን ላይ እንዲቆም ደግሞ የውሃው ከገጽታ ወደ ገጽታ የመሸሽ ዝንባሌ በሦስቱም ውስጥ እኩል መሆን አለበት፤ ሦስት ነገር እኩል ለማድረግ ሁለት እኩልታ ይበቃል። ለጨውም እንዲሁ ሁለት። አምስት ሲቀነስ አራት፣ አንድ። (በረዶ ውስጥና እንፋሎት ውስጥ ጨው የለም የሚል አንባቢ ትክክል ነው፤ ግን ጨው የሌለበት ገጽታ ከማናውቃቸውም አንዱን፣ ከእኩልታዎቹም አንዱን ይዞ ስለሚወጣ ልዩነቱ አይለወጥም።)

ይህቺ አንድ ነፃነት ምን ማለት እንደሆነች ለማየት ሙቀቱን −10 ዲግሪ ላይ እንምረጥ። ከዚያ በኋላ ከበረዶው ጋር ያለው ውሃ የግድ 14 በመቶ ገደማ ጨው ይይዛል። ብዙ ጨው ብታደርጉበት በረዶው ይቀልጥና ውሃውን ያቀጥነዋል፤ ጥቂት ብታደርጉበት ውሃው ይረጋና የቀረውን ያወፍረዋል። ክርክር የለም።

ከዚህ ላይ ጠጣር ጨው ቢጨመር ገጽታዎቹ አራት ይሆናሉ፣ F ዜሮ። ቤት ውስጥ ሊሞከር ይችላል። ሦስት እጅ የተፈጨ በረዶና አንድ እጅ ጨው ፔርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ አማስሉ። የትኩሳት መለኪያ አይሆንም፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ ድረስ የሚያነብ ያስፈልጋል፣ ድብልቁንም በባዶ እጅ አትንኩት፣ ያቃጥላል። በረዶው ሲቀልጥ ሙቀቱን የሚወስደው ከራሱ ከድብልቁ ስለሆነ መለኪያው ማንም ሳያቀዘቅዘው ቁልቁል ይወርዳል። በደንብ ከተደባለቀ ወደ −21 ቀርቦ ይቆማል፤ ትክክለኛው ቁጥር −21.1፣ የጨው ውሃው ውፍረትም 23.3 በመቶ ነው። ከውጭ የሚገባው ሙቀት በረዶውን ያቀልጣል እንጂ ቁጥሩን አያነሣም፣ ከአራቱ ገጽታዎች አንዱ እስኪያልቅ ድረስ። በዚያ ብርድ ጠጣሩ ጨው እንዲያውም ውሃ ይዞ ሌላ ክሪስታል ይሆናል። ያም ቢሆን ከጨውና ከውሃ የተሠራ ስለሆነ አዲስ አባል አልመጣም።

በተገላቢጦሹ 10 በመቶ የጨው ውሃ ብታቀዘቅዙ መርጋት የሚጀምረው −6.6 ላይ ነው። እዚያ ግን አይቆምም፤ በረዶው እየበዛ ሙቀቱ ይንሸራተታል፣ ምክንያቱም ገና አንድ ነፃነት አለው። −21.1 ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ቴርሞሜትሩን በየደቂቃው የሚመዘግብ ሰው ገጽታዎቹን በዓይኑ ሳያይ ከመስመሩ ያነባቸዋል፦ ስትንሸራተት ነፃነት አለ፣ ስትቆም የለም።

ለሦስት አባላት ደግሞ ዳሎል እንውረድ። እዚያ ምድሩ ከባሕር ጠለል በታች ነው፤ ላይ ላዩን በግመል የሚጫነው የምግብ ጨው አለ፣ ከሥሩ ደግሞ ለማዳበሪያ የሚፈለገው ፖታሽ። የፖታሹ አንዱ መልክ ሲልቪት፣ ማለትም ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ብዙ ጊዜ ከምግብ ጨው ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚገኘው። ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ይሟሟሉ። እንዴት ይለያሉ?

አባላቱ ሦስት ናቸው፦ ውሃ፣ ጨው፣ ፖታሲየም ክሎራይድ። ሥራው በገላጣ ዕቃ ስለሆነ ግፊቱን ለአየሩ እንተውለትና እንፋሎቱንም ሳንቆጥር F = C − P + 1 እንጠቀም። ሙሙቱ ከሁለቱም ጠግቦ ሁለቱም ጠጣሮች ሥሩ ተኝተው ከሆነ ገጽታዎቹ ሦስት ናቸው፤ F = 3 − 3 + 1 = 1። ሙቀቱን ከመረጥን አለቀ። በ25 ዲግሪ መቶ ግራም ውሃ ወደ 30 ግራም ጨውና ወደ 16 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ ይይዛል። አንድ አካፋ ፖታሲየም ክሎራይድ ጨምሩበት፤ ሥሩ ይተኛል፣ ሙሙቱ ያው ነው። ሕጉ ዓይነትን እንጂ ክምርን አይቆጥርም።

ያለችንን አንዲት ነፃነት እንጠቀምባትና ሙቀቱን ወደ 100 እናድርሰው። አሁን መቶ ግራም ውሃ የሚይዘው ጨው ወደ 28 ግራም ዝቅ ሲል ፖታሲየም ክሎራይዱ ወደ 35 ይወጣል። ትኩሱን ሙሙት ከአተላው አጥልሉና ወደ 25 መልሱት። ፖታሲየም ክሎራይዱ ከ35 ወደ 16 እና 17 ገደማ ስለሚወርድ 18 ግራም ያህል ክሪስታል ሆኖ ይዘቅጣል። ጨው ግን አይዘቅጥም፤ 28 ብቻ ይዞ ነው የመጣው፣ በ25 ዲግሪ የተፈቀደለት ደግሞ 30 ነው። የቀረው ሙሙት እንደገና ይሞቅና በአዲስ ማዕድን ላይ ይፈስሳል። በዓለም ላይ ብዙ የፖታሽ ፋብሪካዎች የሚሠሩት በዚህ ዑደት ነው፤ እኔ ከጊብስ ሕግ ሥራዎች ሁሉ ይህን እወደዋለሁ፣ ሁለት ነጭ ዱቄት በአንድ ቴርሞሜትር ሲለያዩ።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አያምርም። በ25 ዲግሪ ሁለቱም ጠጣሮች ሥሩ እያሉ ሙሙቱ ሲመረመር 30 እና 16 ካልሆነ፣ አንድ ነገር ተስቷል። ሁለት ጥርጣሬ አለ። አንዱ ድብልቁ ገና አልሰከነም፤ ሕጉ የሚሠራው ሚዛን ላይ ለደረሰ ነገር ብቻ ነው። ሙቀቱን ሳትለውጡ ሌሊቱን እያማሰላችሁ አሳድሩትና ጠዋት እንደገና መርምሩት፤ ቁጥሩ ወደ ቦታው ከተመለሰ ችግሩ ችኮላ ነበር።

ካልተመለሰ ያልቆጠርነው አባል አለ። በይበልጥ የሚያጋልጠው ሦስተኛ ዓይነት ክሪስታል ብቅ ሲል ነው። ሦስት ጠጣርና አንድ ሙሙት አራት ገጽታ ነው፤ ለሦስት አባላት F ዜሮ ይሆናል። ዜሮ ከሆነ ደግሞ ይህ ሊታይ የሚችለው ተፈጥሮ በመረጠችው አንድ ሙቀት ብቻ ነው፤ 25ን ግን የመረጥነው እኛ ነን፣ ለመለኪያችን ስለተመቸን። 27 ላይም ያው ሦስተኛ ክሪስታል ካለ አባላቱ ሦስት አይደሉም። በዳሎል ተጠርጣሪው ሩቅ አይደለም፦ ማግኒዚየም ክሎራይድ፣ ከፖታሲየም ክሎራይድና ከውሃ ጋር ተጣምሮ ካርናሊት የሚባለውን ማዕድን የሚሠራው። አባላቱን አራት አድርጋችሁ ስትቆጥሩ F = 4 − 4 + 1 = 1 ይወጣል፣ ሙቀቱም እንደገና የእኛ ይሆናል። የ30 እና የ16ቱ ሰንጠረዥ ግን ለዚያ ሙሙት አይሠራም፤ ማግኒዚየሙን ያካተተ ሌላ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል።