ደረቅ ሲሆን የሚያልፍ፣ ሲረጥብ የሚወድቅ ድንጋይ

ደብረ ማርቆስ አካባቢ ካለ የድንጋይ ካባ የሚወጣው ጥቁር ድንጋይ በመዶሻ ሲመታ ይጮኻል። ጠንካራ መሆኑ በዓይን ይታያል። ታዲያ ሥራ ተቋራጩ ይህን ድንጋይ በክሬሸር ፈጭቶ ከአስፋልቱ ሥር ለሚነጠፈው ንብርብር፣ ማለትም ለቤዝ ኮርስ፣ ከማዋሉ በፊት ለአማካሪ መሐንዲሱ የማጽደቂያ ጥያቄ ለምን ያቀርባል?

ጥያቄው በአጭሩ የካባውን ቦታ፣ የላቦራቶሪውን ውጤትና የደንቡን ወሰን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ወረቀት መጣ እንበል፦

- ደረቅ ጥንካሬ፦ 170 ኪሎ ኒውተን (ወሰኑ ቢያንስ 110)
- ውኃ ውስጥ ከቆየ በኋላ፦ 115 ኪሎ ኒውተን
- የእርጥቡ ለደረቁ ጥምርታ፦ 68 በመቶ (ወሰኑ ቢያንስ 75)

ቁጥሮቹ የተገኙት እንዲህ ነው። ከ10 እስከ 14 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጠጠር በብረት ሲሊንደር ውስጥ ተደርጎ በማሽን ይጨመቃል። ከዚያ በ2.36 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል። ከጠጠሩ 10 በመቶው ደቅቆ በወንፊቱ እንዲያልፍ የሚያደርገው ኃይል የድንጋዩ ጥንካሬ ይባላል። ሌላው ናሙና ደግሞ 24 ሰዓት ውኃ ውስጥ ቆይቶ ያንኑ ፈተና ይወስዳል።

አሁን ወረቀቱን ደግማችሁ እዩት። ሁለቱም ጥንካሬዎች ከ110 በላይ ናቸው። ግን 115 ለ170 ሲካፈል 68 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል። በኢትዮጵያ የመንገድ ዲዛይን መመሪያ ይህ ወሰን ከዝናብ ጋር የተያያዘ ነው፦ በዓመት ከ500 ሚሊ ሜትር በላይ ለሚዘንብበት 75፣ ከዚያ በታች ለሆነው 60 በመቶ። ደብረ ማርቆስ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ያው ድንጋይ ደረቅ ቆላ ውስጥ ቢሆን በዚህ መስፈርት ያልፍ ነበር ማለት ነው።

ውኃው ምን አደረገ? የጎጃም ደጋ የተሠራው ተደራርቦ ከፈሰሰ ላቫ ነው። በረጅም ዘመን አንዳንዱ ድንጋይ ውስጥ ያሉ ማዕድናት ወደ ሸክላነት ተለውጠዋል። ይህ ሸክላ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ድንጋዩንም ከውስጥ ይከፋፍለዋል። መንገድ ላይ ከዋለ በክረምት በከባድ መኪና ጎማ ሥር ይደቅቃል፣ አስፋልቱ ይሰነጠቃል፣ ጉድጓድም ይፈጠራል።

ውድቅ ሆነ ማለት ግን ካባው ይዘጋ ማለት አይደለም። የአንድ ላቫ ላይኛውና ታችኛው ጫፍ ብዙውን ጊዜ ቀዳዳማና የተበላሸ ነው፤ መሐሉ ግን ድፍንና ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ተቋራጩ የተበላሸውን ገፎ፣ ከመሐሉ ፈጭቶ፣ አዲስ ናሙና ያስፈትናል። ቢጸድቅም እንኳ ፈቃዱ የሚናገረው ስለተፈተነው ድንጋይ ብቻ ነው። ቁፋሮው ወደ ሌላ ንብርብር ሲገባና የድንጋዩ ቀለም ወደ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ሲያደላ፣ እንደገና ውኃ ውስጥ ነክሮ መፈተን ያስፈልጋል።