ቀኑን ሙሉ ከአንድ ፍላሽ

ሽሮ ሜዳ ውስጥ አንድ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ሊሰቅለው የሚችለው ቀሚስ ግድግዳው የቻለውን ያህል ብቻ ነው። በትእዛዝ የሚሠራው፣ ለሠርግ ተሠርቶ የተወሰደው፣ ጥለቱ በሌላ ቀለም የሚመጣው ሁሉ ያለው በባለሱቋ ስልክ ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ ለአላፊ አግዳሚው ለማሳየት ቀላሉ መንገድ በሩ አጠገብ ቴሌቪዥን ሰቅሎ ፎቶውንና ቪዲዮውን በፍላሽ እየደጋገሙ ማጫወት ነው። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ወርሃዊ ክፍያም የለበትም።

ችግሩ የሚመጣው ሁሉም ነገር እንዳለ ፍላሹ ላይ ሲገለበጥ ነው። አብዛኛው የቤት ቴሌቪዥን ፎቶና ቪዲዮን የሚያጫውተው ለየብቻ ነው። ፎቶው በተርታ መታየት ሲጀምር ቪዲዮዎቹ ይዘለላሉ፤ ቪዲዮ ሲከፈት ደግሞ ፎቶዎቹ ይቀራሉ። በአንዱና በሌላው ቪዲዮ መካከል ስክሪኑ ይጠቁራል፣ የፋይሉ ስምም ብቅ ይላል። የፋይሉ ስም በአማርኛ ከተጻፈ አንዳንድ ቴሌቪዥን በፊደሎቹ ፋንታ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ቅደም ተከተሉም ይዛባል፤ 1 ተብሎ ከተሰየመው ቀጥሎ 2 ሳይሆን 10 ሊመጣ ይችላል።

መፍትሔው አንድ ነው፦ ፎቶውንም ቪዲዮውንም ቀድሞ በአንድ ቪዲዮ ውስጥ አዋህዶ፣ ፍላሹ ላይ ያንን አንድ ፋይል ብቻ ማስቀመጥ።

አንዲት ባለሱቅ 24 የቀሚስ ፎቶና እያንዳንዳቸው 9 ሰከንድ የሚረዝሙ 4 ቪዲዮዎች አሏት እንበል። እያንዳንዱ ፎቶ 6 ሰከንድ ቢቆይ 144 ሰከንድ ይሆናል፤ ቪዲዮዎቹ 36 ሰከንድ ሲጨምሩበት ልክ 3 ደቂቃ ይሞላል። ይህን በስልክ ላይ በሚሠራ የቪዲዮ ማቀናበሪያ አዘጋጅታ፣ ያለቀውን ቪዲዮ 20 ጊዜ ብትቀጥለው የአንድ ሰዓት ፊልም ታገኛለች። ስክሪኑ ሳይጠቁር አንድ ሰዓት ይሄዳል፤ ከዚያ በቴሌቪዥኑ ማጫወቻ ላይ Repeat የሚለውን ካበራች ፊልሙ ራሱ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

የአንድ ሰዓት ልክ የተመረጠው በምክንያት ነው። ብዙ ቴሌቪዥኖች ያለ ችግር የሚያነቡት FAT32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ነው፤ ይህ አሠራር ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ጥሩ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰከንድ አንድ ሜጋባይት ገደማ ስለሚወስድ፣ የአንድ ሰዓቱ ፊልም 3.6 ጊጋባይት ሆኖ ከወሰኑ በታች ያድራል። ፍላሹ ባለ 32 ጊጋባይት ሆኖ፣ ብዙ ባዶ ቦታም እያለው «አይበቃም» የሚል መልእክት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ይህን ወሰን ሲያልፍ ነው።

ፊልሙ ሲወጣ MP4 መሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ውስጡ H.264 በሚባለው መንገድ የተጨመቀ፣ ልኩም 1920 በ1080 ቢሆን ከሞላ ጎደል የትኛውም ቴሌቪዥን ያነበዋል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉት አይፎኖች ግን ካልተነገራቸው በቀር ቪዲዮውን HEVC፣ ፎቶውን ደግሞ HEIC በሚባሉ ቅርጾች ነው የሚያስቀምጡት፤ ቆየት ያሉ ቴሌቪዥኖች እነዚህን አያውቋቸውም። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ድምፅ እየተሰማ ምስል አይታይም፣ ወይም ፋይሉ እንደማይደገፍ የሚገልጽ ጽሑፍ ይወጣል። አይፎን ላይ Settings፣ Camera፣ Formats ብለው ገብተው Most Compatible የሚለውን ቢመርጡ ከዚያ በኋላ የሚነሣው ሁሉ በአሮጌው ቅርጽ ይቀመጣል። ስልኩንም አግድም ይዞ መቅረጽ ነው፤ ቁም የተቀረጸ ቪዲዮ ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ከስክሪኑ ግማሽ በላይ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

አላፊው ሰው ሦስቱን ደቂቃ ቆሞ አያይም። የሚያየው አንድ ወይም ሁለት ምስል ነው። ስለዚህ የሱቁ ስም መጨረሻ ላይ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ምስል ላይ መኖር አለበት። የፊደሉ መጠንም ይቆጠራል። በማስታወቂያ ሠሪዎች ዘንድ የተለመደው ልክ ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር የፊደል ቁመት ነው። መንገዱ ከስክሪኑ 6 ሜትር ቢርቅ 5 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል፤ ይህ በባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ ከስክሪኑ ቁመት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። የአማርኛ ፊደል «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ስለሆነ ከዚህ ቢተልቅ እንጂ ባያንስ ይመረጣል። ስልክ ቁጥር ደግሞ ጠርዝ ላይ አይጻፍ፤ አንዳንድ ቴሌቪዥን የምስሉን ዳርቻ ቆርጦ ያስቀራል።

ለነጭ ልብስ የተለየ ጥንቃቄ ያሻል። ስክሪኑ ደምቆ እንዲታይ ተብሎ Vivid ወይም Dynamic የሚለው ሲመረጥ ነጩ ጥጥ ወደ ብርሃን ይለወጥና የሽመናውም የጥልፉም ዝርዝር ይጠፋል፤ ሻጩ ሊያሳይ የፈለገው እሱን ነበር። Standard የሚለው ይሻላል። የቴሌቪዥን ሻጮች የሚጠቀሙበት Store Mode ደግሞ ጭራሹን አይበጅም፤ የአምራቹን ማስታወቂያ ስክሪኑ ላይ ይለጥፋል፣ የተስተካከለውንም ሁሉ በየጊዜው ወደ ነበረበት ይመልሳል። ፀሐይ ፊት ለፊት ከሚመታው መስተዋት ጀርባ ማስቀመጥም ትርፉ ድካም ነው፤ የቤት ቴሌቪዥን ብርሃኑ ፀሐይን አይቋቋምም። ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ጥላ ውስጥ ቢሰቀል ከመንገድ የበለጠ ይታያል።

ከሁሉ ይልቅ ባለሱቆችን ግራ የሚያጋባው ቴሌቪዥኑ በራሱ መጥፋቱ ነው። ብልሽት አይደለም። ኃይል ለመቆጠብ ሲባል ብዙ ቴሌቪዥኖች ሪሞት ሳይነካ 4 ሰዓት ካለፈ እንዲጠፉ ተደርገው ይሠራሉ፤ የአውሮፓ ኅብረትም ይህን በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ግዴታ አድርጎታል። ጠዋት 3 ሰዓት የተከፈተው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ድርግም የሚለው ለዚህ ነው። ከማስተካከያው ውስጥ Auto Power Off የሚለውን፣ ወይም ተመሳሳይ ስም ያለውን ፈልጎ ማጥፋት ይበቃል።

ለመብራት መቋረጥ ግን እንዲህ ያለ ቀላል መድኃኒት የለም። መብራት ሲመለስ የቤት ቴሌቪዥን ወይ ጠፍቶ ይቆያል፣ ወይ መነሻ ገጹ ላይ ይቆማል፤ ሰው ሪሞት አንሥቶ ፊልሙን እንደገና ማስጀመር አለበት። ለንግድ ማሳያነት ተብለው ከሚሠሩት ስክሪኖች ግን ኃይል እንዳገኙ ከፍላሹ በራሳቸው የሚጀምሩ አሉ፤ ዋጋቸው ከቤቱ ይበልጣል። ባለሱቋ ቀኑን ሙሉ ከሱቋ የማትለይ ከሆነ የቤቱ ይበቃታል። ብዙ ቅርንጫፍ ላለው ሰው ግን በየሱቁ እየዞሩ ሪሞት መጫን አያዋጣም።

ፍላሹ ከመሰካቱ በፊት መታሰብ ያለበት የደንበኞች ፎቶ ነው። ቀሚሱን ለብሳ የተነሣች ሙሽራ ለሱቁ ምርጥ ማስታወቂያ ናት፤ ሆኖም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ቦታ ማሳየትን ይከለክላል። ፎቶውን በስልክ መላኳ ስክሪን ላይ እንዲወጣ ፈቀደች ማለት አይደለም። ስለዚህ ባለሱቆች አስቀድመው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ፣ ቢያንስ በስልክ መልእክት ይያዙ። ከአንድ ፋይል ውስጥ አንድ ፎቶ ነጥሎ ማውጣት ስለማይቻል፣ ፊልሙ የተቀናበረበትን ሥራ ከስልኩ ሳያጠፉ ማስቀመጥም ያስፈልጋል፤ ደንበኛዋ ይውረድልኝ ብትል በደቂቃዎች ውስጥ ያለ እሷ ፎቶ እንደገና ይወጣል።