ፊደሉ ነፃ ነው፤ ኪሳራውስ የማን ነው?

አንድ የወረታ ወጣት የጽሕፈትና የኅትመት ሱቅ አለው። ለፎገራ ሩዝ ነጋዴዎች የከረጢት መለያ፣ ለሙሽሮች የጥሪ ካርድ ይሠራል። የሚጽፈው «አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል» በተባለው ነፃ የግዕዝ ፊደል ነው። «ፊደሉን ለሌሎች በፍላሽ እየገለበጥኩ 50 ብር ባስከፍል ምን አለበት?» ሲል ጠየቀኝ።

ወንድሜ፣ መልሱ ከፊደሉ ጋር በሚመጣው OFL.txt በተባለው ፋይል ውስጥ አለ። ከፍቼ አነበብኩት።

በፊደሉ ጽፈህ ያተምከውን ካርድም ሆነ መለያ መሸጥ ትችላለህ። ማንንም አታስፈቅድም፤ ለማንም አትከፍልም። ፊደሉን ብቻውን መሸጥ ግን ክልክል ነው። ስለዚህ ያ 50 ብር ይቅርብህ! በነፃ ስጥ፤ ከሌላ ሶፍትዌር ጋር አብሮ መሸጥም ተፈቅዷል። በሁለቱም መንገድ የባለመብቱ ስምና የፈቃዱ ጽሑፍ ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር መሄድ አለባቸው። ፊደሉን ብቻ ነጥለህ ከገለበጥክ ውሉን አፍርሰሃል፤ ውሉ ከፈረሰ ደግሞ ፈቃዱ ይሻራል።

ትልቁ ነገር መጨረሻ ላይ ነው። ፊደሉ የተሰጠህ «እንዳለ» ነው፤ ሠሪዎቹ ለሚደርስ ጉዳት አይጠየቁም ይላል። እንግዲህ 500 መለያ ታትሞ «ሩዝ» በሚለው ፈንታ ባዶ ሳጥን ቢወጣ ማንን ትከሳለህ? ኪሳራው ያንተና የነጋዴው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ብቻ አትም፤ ነጋዴው አንብቦ ይፈርምበት፤ ቀሪውን ከዚያ በኋላ ቀጥል።

ይህ ግን ለዚህ ፊደል ነው። ሌላ ፊደል ስትጭን የራሱን ውል ክፈትና አንብብ።