ገቢ በሚታወጅበት ማግሥት የኦፕሽን ዋጋ ለምን ይወድቃል?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 2024 የኒውዮርክ ገበያ ከተዘጋ በኋላ ቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ የሩብ ዓመት ውጤቱን ይፋ አደረገ። የኩባንያው ገቢ 30 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። ይህም ከዓመት በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ነው፤ ተንታኞች ከጠበቁትም ይበልጣል። ሆኖም አክሲዮኑ ከ125.61 ዶላር ተነሥቶ በማግሥቱ 117.59 ላይ ዘጋ፤ በአንድ ቀን 6.4 በመቶ ያህል ወረደ ማለት ነው። በዚያ ምሽት «ወደ ላይም ይሁን ወደ ታች፣ ብቻ በኃይል ይንቀሳቀስ» ብለው በሁለቱም አቅጣጫ ኦፕሽን ገዝተው ያደሩ ሰዎች ነበሩ። አክሲዮኑ እንደተመኙት በኃይል ተንቀሳቀሰ። እነሱ ግን ከሰሩ።

ይህ እንዴት እንደሚሆን መረዳት ጠቃሚ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ዛሬ በስልካቸው ኦፕሽን መግዛትና መሸጥ ይችላሉ። አቅጣጫውን በትክክል ገምተው ሳለ ገንዘባቸው ለምን እንደቀነሰ ግን ብዙ ጊዜ ማንም አያስረዳቸውም።

ኦፕሽን የመብት ውል ነው። ኮል የሚባለው አንድን አክሲዮን እስከተወሰነ ቀን ድረስ በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ሲሰጥ፣ ፑት ደግሞ የመሸጥ መብት ይሰጣል። በውሉ የተወሰነው ዋጋ ስትራይክ ይባላል፤ ገዢው ለመብቱ የሚከፍለው ገንዘብ ፕሪሚየም ነው። አንድ ውል 100 አክሲዮን ስለሚይዝ በስክሪኑ ላይ 5 ዶላር ተብሎ የሚታየው ፕሪሚየም ከኪስ የሚወጣው 500 ዶላር ሆኖ ነው። በአንድ ስትራይክና በአንድ የማብቂያ ቀን ኮልም ፑትም አብሮ መግዛት ስትራድል ይባላል።

የፕሪሚየሙን ልክ ከሚወስኑት ነገሮች ትልቁ ገበያው ወደፊት የሚጠብቀው መዋዠቅ ነው። ነጋዴዎቹ ኢምፕላይድ ቮላቲሊቲ፣ በአጭሩም አይቪ ይሉታል። አይቪ ማንም ቆጥሮ የሚያገኘው አኃዝ አይደለም፤ ሰዎች ለኦፕሽኑ ሊከፍሉ ከተስማሙበት ዋጋ ወደ ኋላ ተሰልቶ የሚወጣ፣ በዓመት መቶኛ የሚነገር ግምት ነው። ወደ አንድ ቀን ለመመለስ በ16 ማካፈል ይበቃል፤ በዓመት 252 ያህል የገበያ ቀናት አሉ፣ የ252 ካሬ ሥርም 16 ገደማ ነው። እንግዲህ አይቪው 48 በመቶ የሆነ አክሲዮን በተራ ቀን 3 በመቶ ያህል እንዲዋዥቅ ይጠበቃል።

አሁን በመካከል አንድ ተራ ያልሆነ ቀን እናስገባ። አክሲዮኑ በሌሎቹ ቀናት 3 በመቶ፣ ሪፖርቱ በሚወጣበት ማግሥት ግን 12 በመቶ ያህል ይዋዥቃል ተብሎ ይጠበቅ። ሁለት የገበያ ቀናት ብቻ የቀሩት ኦፕሽን አንዱን ትልቅ ቀንና አንዱን ተራ ቀን ስለሚይዝ አይቪው 140 በመቶ ገደማ ሆኖ ይታያል። አንድ ወር የቀረው ኦፕሽን ያንኑ ትልቅ ቀን ከሃያ አንድ ተራ ቀናት ጋር አቀላቅሎ ስለሚይዝ አይቪው 62 በመቶ አካባቢ ነው። ሪፖርቱ ወጥቶ ትልቁ ቀን ሲያልፍ ሁለቱም ወደ 48 ይመለሳሉ። አይቪ ክረሽ የሚባለው ይህ ነው። የበዓል ዋዜማ የዶሮ ዋጋ በበዓሉ ማግሥት እንደሚወርደው ነው፤ ዶሮዋ ያችው ዶሮ ናት፣ ያለፈው ቀኑ ነው። በዚህ ውስጥ ድንገተኛ ነገር የለም፤ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ውድቀቱም የሚጠበቅ ነው። ከ140 ወደ 48 የሚወርደው የቅርቡ ኦፕሽን ከሩቁ ይልቅ ክፉኛ የሚመታውም ለዚሁ ነው።

ወደ ኤንቪዲያ እንመለስ። ከሪፖርቱ በፊት የኦፕሽን ገበያው 10 በመቶ የሚጠጋ እንቅስቃሴ እየጠበቀ ነበር። ይህን ለማወቅ ቀመር አያስፈልግም። ከሪፖርቱ በኋላ ቀድሞ የሚያበቃውን ኦፕሽን ፈልጎ፣ ለአክሲዮኑ ዋጋ በጣም በሚቀርበው ስትራይክ ያለውን የኮልና የፑት ዋጋ መደመር ነው። ለስሌት እንዲመች በ125 ስትራይክ ስትራድሉ በድምሩ 12 ዶላር ነበር እንበል፤ ለአንድ ውል 1,200 ዶላር ማለት ነው። ገዢው ውሉ ሲያበቃ እንዲያተርፍ አክሲዮኑ ከ137 በላይ ወይም ከ113 በታች መድረስ አለበት።

አክሲዮኑ 117.59 ላይ ሲዘጋ ኮሉ ዋጋ ቢስ ሆነ ማለት ይቻላል። ፑቱ በ125 የመሸጥ መብት ስለሆነ 7.41 ዶላር ያወጣል፤ ሊያበቃ አንድ ቀን ስለቀረው በዚያ ላይ የሚጨመረው ሳንቲም ነው። በ1,200 ዶላር የተገዛው ነገር ወደ 750 ዶላር ወረደ። ስምንት ዶላር የወረደ አክሲዮን የስትራድል ገዢን ያከሰረው ገዢው አስቀድሞ የአሥራ ሁለት ዶላር እንቅስቃሴ ዋጋ ከፍሎ ስለነበር ነው። እንግዲህ ስትራድል ለሚገዛ ሰው ጥያቄው «አክሲዮኑ ይንቀሳቀሳል ወይ?» አይደለም፤ «ገበያው ዋጋ ከሰጠው በላይ ይንቀሳቀሳል ወይ?» ነው።

ይህን የተረዳ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ መሸጥ ነው። ስትራድሉን ሸጦ 1,200 ዶላር ቢቀበል ኖሮ በማግሥቱ በ750 መልሶ ገዝቶ 450 ያህል ያተርፍ ነበር። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ የሚያስፈልገው። ስትራድል የገዛ ሰው ቢበዛ የሚያጣው የከፈለውን ነው። የሸጠ ሰው ግን አክሲዮኑ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ኪሳራው ወሰን የለውም፤ ወደ ታችም እስከ ዜሮ ይከተለዋል።

ሜታ፣ የፌስቡክ ባለቤት፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2022 ውጤቱን ከማውጣቱ በፊት አክሲዮኑ 323 ዶላር ነበር። በማግሥቱ 237.76 ላይ ዘጋ፤ በአንድ ቀን 26 በመቶ ወደቀ። በ325 ስትራይክ ስትራድል ሸጦ 32 ዶላር የተቀበለ ሰው ነበረ ብለን እናስላ። የሸጠው ፑት 87 ዶላር ያወጣል፤ የተቀበለው 32 ሲቀነስ በአንድ ውል ኪሳራው ከ5,500 ዶላር ይበልጣል። ከሻጩ ዘንድ ማምለጫም የለም። ብዙ ኩባንያዎች ሪፖርታቸውን የሚያወጡት ገበያው ከቀኑ 10 ሰዓት በኒውዮርክ አቆጣጠር ከተዘጋ በኋላ ነው። አክሲዮኑ ከሰዓት ውጭ ሲገበያይ ያመሻል፤ የአክሲዮን ኦፕሽኑ ግን ዝግ ስለሆነ ሻጩ እስከ ማግሥት ጠዋት ድረስ ቁጭ ብሎ ከማየት በቀር የሚያደርገው የለም። ኪሳራን በትዕዛዝ አቆማለሁ የሚል ሰው ትዕዛዙ የሚፈጸመው ጠዋት በተከፈተበት ዋጋ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ወሰን ያለው ስፕሬድ የሚመጣው ለዚህ መልስ ሆኖ ነው። በኤንቪዲያው ምሳሌ የ125ቱን ኮልና ፑት የሸጠ ሰው፣ በዚያው ትዕዛዝ የ140ውን ኮልና የ110ሩን ፑት ይገዛል። ይህ አሠራር አይረን በተርፍላይ ይባላል፤ የተገዙት ሁለቱ ደግሞ ክንፎቹ ናቸው። ክንፎቹ እያንዳንዳቸው 1.25 ዶላር ቢያወጡ፣ ከተቀበለው 12 ዶላር ላይ 2.50 ሲወጣ 9.50 ይቀረዋል። ከስትራይኩ እስከ ክንፉ 15 ዶላር ስለሆነ፣ የፈለገው ቢመጣ በአንድ ውል የሚያጣው ከ15 ላይ 9.50 ተቀንሶ 550 ዶላር ነው። አክሲዮኑ ከ115.50 እስከ 134.50 ባለው ውስጥ እስካለ ድረስ ያተርፋል፤ በ117.59 ይዞታው ቢያበቃ 209 ዶላር ይደርሰዋል። እርቃኑን የሸጠው ካገኘው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በሜታው ምሳሌ ግን 40 ዶላር የራቁ ክንፎች ኖረውት በእጁ 25 ዶላር ቢቀርለት ኪሳራው 1,500 ዶላር ላይ ይቆም ነበር፤ ከ5,500 ጋር ያስተያዩት።

ታዲያ የትኛውን መምረጥ? ለእኔ ውሳኔው የሚጀምረው ገበያው የሚጠብቀውን እንቅስቃሴ አክሲዮኑ ባለፉት ስምንት ያህል ሪፖርቶች ማግሥት በእርግጥ ካደረገው ጋር ጎን ለጎን በመጻፍ ነው። ገበያው 10 በመቶ ሲጠይቅ አክሲዮኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 የማያልፍ ከሆነ፣ ስትራድል መግዛት ውድ ነው፤ ስፕሬድ መሸጥ ምክንያት አለው። ገበያው 5 በመቶ ብቻ እየጠየቀ አክሲዮኑ ደጋግሞ 9 እና 10 ሲረግጥ ከቆየ ደግሞ ስትራድል መግዛት ይታሰባል። ስምንት ቁጥር ጥቂት መሆኑን አይርሱ፤ የሜታን ውድቀት ከቀደሙት ሪፖርቶቹ አንብቦ ማወቅ አይቻልም ነበር። ክንፍ የሚገዛውም ለዚያ ነው። አቅጣጫ ላይ ጠንካራ አስተያየት ያለው ሰው ደግሞ ብቻውን ኮል ከመግዛት ይልቅ የ125ቱን ኮል ገዝቶ የ135ቱን ቢሸጥ ይሻላል፤ የገዛውም የሸጠውም በውድ አይቪ ስለሆነ ክረሹ በከፊል ይጣፋለታል።

ስፕሬድም የራሱ ወጪ አለው። አራት ውል በአንድ ጊዜ ሲገባና ሲወጣ፣ በእያንዳንዱ የመግዣና የመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ይበላል። ብዙ በማይገበያይ አክሲዮን ላይ ይህ ልዩነት ብቻውን ትርፉን ሊጨርሰው ይችላል፤ ዋጋው ወሰን ያለበት ትዕዛዝ ተሰጥቶ በመሃሉ ዋጋ ካልተፈጸመ መተው ይበጃል። ሌላው አደጋ የሚመጣው በማብቂያው ቀን ነው። አክሲዮኑ 117 ላይ ሳለ ይዞታው ሳይዘጋ ውሉ ቢያበቃ፣ የ110ሩ ፑት ዋጋ ቢስ ሆኖ ይጠፋል፤ በሸጡት የ125 ፑት ግን 100 አክሲዮን በ12,500 ዶላር እንዲገዙ ይገደዳሉ። አክሲዮኑ በእጅዎ ላይ ሆኖ ቅዳሜና እሑድ ያልፋል፤ ሰኞ ከዚያ በታች ቢከፍት 550 ብለው ያሰሉት ጣሪያ አይሠራም።

ስለዚህ ሪፖርቱ በወጣ ማግሥት ጠዋት፣ ገበያው ከተከፈተና ዋጋዎች ከረጉ በኋላ፣ ያተረፈም ሆነ የከሰረ ይዞታ ይዘጋ። የተገመተው አንድ ቀን ነበር፤ ቀኑ አልፏል። በሪፖርት ምሽት ኦፕሽን የሚሸጥ አንባቢ ካለ ደግሞ አንድ ነገር እለምነዋለሁ፤ ክንፍ ሳይገዛ አይሽጥ።